የኤሌክትሪካል ምህንድስና መውጫ ፈተና፦ 12ቱ ሳምንታት እንዴት ይከፈሉ?

አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፣ ተፈታኙ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ማለፊያውም ከ100 ሃምሳ ነው። ለኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ችግሩ ከጥያቄዎቹ ክብደት ይልቅ ከስፋታቸው ይመጣል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ተፈትኖበት የተገላገለው የሰርኪዩት ኮርስ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ የወሰደው ኤሌክትሮኒክስ፣ በኋላ የመጡት ማሽን፣ ኮንትሮልና ፓወር ሲስተም ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስበው ይጠብቁታል።

ብዙ ተማሪ ለዚህ የሚዘጋጀው የድሮ ሃንድአውቶቹን ከያሉበት ሰብስቦ ከመጀመሪያው ገጽ እየነበበ ነው። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ማሽን ጋ ሲደርስ በሁለተኛው ሳምንት ያነበበው ሰርኪዩት ከአእምሮው ጠፍቷል፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ ሰርኪዩት አይገባም። ስለዚህ 12ቱን ሳምንታት በገጽ ብዛት መከፋፈል አያዋጣም። መከፈል ያለባቸው በሁለት ነገር ነው፦ የትኛው ትምህርት በየትኛው ላይ እንደቆመ በማየት፣ እና ተማሪው ራሱ የት የት እንደሚሳሳት በመቁጠር። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ እሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት ተማሪ እናስብ። የመጨረሻው መንፈቅ ላይ ናት፤ የመረጠችው ዘርፍ ፓወር ነው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለባት፣ ያልተጨረሱ ኮርሶችም አሏት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ታገኛለች እንበል። እሁድ ታርፋለች ወይም ፕሮጀክቷን ትሠራለች። ይህ በሳምንት 15 ሰዓት፣ በ12 ሳምንት 180 ሰዓት ይሆናል። በ180 ሰዓት የአምስት ዓመት ትምህርት እንደገና መማር አይቻልም። የተማሩትን ማስታወስና ስህተትን ማረም ግን ይቻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ማጥናት አይደለም። ተማሪዋ ሁለት ነገር ትይዛለች። አንደኛው የፈተናው ብሉፕሪንት ነው፤ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚገቡና እያንዳንዳቸው ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው የሚያሳየው ሰነድ ማለት ነው፤ ከትምህርት ክፍሏ ታገኘዋለች። ሁለተኛው ምንም ሳታነብ፣ ሰዓት ይዛ፣ የምትሠራው አንድ ሙሉ ሞዴል ፈተና ነው። 100 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስልክ ጠፍቶ። እየሠራች ሳለ እርግጠኛ ካልሆነችበት መልስ ጎን ትንሽ ምልክት ታደርጋለች። ያ ምልክት ከውጤቱ በላይ ይነግራታል።

38 አገኘች እንበል። ከ38ቱ ውስጥ 14ቱ ምልክት ያለባቸው፣ ማለትም በግምት የተመቱ ናቸው። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ዓይንን ጨፍኖ ቢሞላ በአማካይ ከ100 ሃያ አምስት ስለሚያስገኝ ይህ አያስደንቅም። የምታውቀው 24 ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ የሳተቻቸውን 62 ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያየች በሦስት ክምር ትለያቸዋለች። 19ኙን ጨርሶ አታውቃቸውም። 27ቱን ተምራቸዋለች፣ ግን ቀመሩ ወይም መንገዱ ጠፍቶባታል። 16ቱን ደግሞ መንገዳቸውን እያወቀች በስሌት፣ በዩኒት ወይም ጥያቄውን በወጉ ባለማንበብ ጥላቸዋለች።

አብዛኛው ተማሪ በድንጋጤ የሚሮጠው ወደ 19ኙ ነው። ርካሾቹ ነጥቦች ግን ያሉት 16ቱ ውስጥ ነው። እነሱ ብቻ ቢታረሙ 38ቱ 54 ይሆን ነበር። ሁሉም እንደማይታረሙ የታወቀ ነው፤ ግን ሳያውቁ ከሳቱት ጥያቄ ይልቅ እያወቁ የሳቱትን ማስመለስ በጣም አነስተኛ ጊዜ ይወስዳል። 27ቱ ደግሞ በየጊዜው መመለስን ይፈልጋሉ። 19ኙ በመጨረሻ ይታያሉ፤ ብሉፕሪንቱ ትልቅ ድርሻ ከሰጣቸው ይጠናሉ፣ ትንሽ ከሰጣቸው ይዘለላሉ። መዝለል ያስፈራል፤ 180 ሰዓት ግን 180 ሰዓት ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ የሰርኪዩት ናቸው። ለአንድ ኮርስ 30 ሰዓት መስጠት ብዙ ይመስላል፤ ግን ሰርኪዩት አንድ ኮርስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ትራንስፎርመር በመጨረሻ የሚሰላው ሰርኪዩት ሆኖ ተስሎ ነው። የትራንዚስተር ማጉያም እንደዚያው ነው። የማስተላለፊያ መስመርም ቢሆን በሬዚስታንስ፣ በኢንዳክታንስና በካፓሲታንስ ተወክሎ ነው የሚሰላው። የኪርቾፍ ሕጎች፣ የኖድና የሜሽ ስሌት፣ ቴቬኒን፣ ካፓሲተር ሲሞላና ሲያልቅ የሚታየው ለውጥ፣ ከዚያም የኤሲ ፌዘር፣ ፓወርና ባለ ሦስት ፌዝ ሲስተም በሁለቱ ሳምንታት ይጠናቀቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ከሥሩ እንየው፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን የተሳሳቱትን ምርጫዎችም ጭምር። 

አንድ 6 ኪሎዋት የሚስብ ጭነት ከ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ተሰክቷል። ፓወር ፋክተሩ 0.6 ላጊንግ ነው። ወደ 0.8 ለማሳደግ ከጭነቱ ጋር በፓራለል ስንት ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይገባል? ምርጫዎቹ፦ ሀ) 115፣ ለ) 164፣ ሐ) 230፣ መ) 526።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እናስረዳ። ሞተርና ትራንስፎርመር መግነጢሳዊ መስካቸውን ለመፍጠር ከመስመሩ ኃይል ወስደው መልሰው ይሰጣሉ። ይህ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ኃይል ሪአክቲቭ ፓወር ይባላል። ሥራ አይሠራም፣ ግን በሽቦው ውስጥ ከረንት ሆኖ ስለሚያልፍ ሽቦውን ያሞቃል። ካፓሲተር እዚያው ጭነቱ ጎን ሲገባ ይህን ምልልስ እሱ ይይዘዋል፤ መስመሩም ይቀልለታል። ፓወር ፋክተር ማለት ደግሞ ሥራ የሚሠራው ኃይል ለጠቅላላው ያለው ንጽጽር ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። 6 ኪሎዋትን ለ0.6 ስናካፍል ጠቅላላው 10 ኪሎ ቮልት አምፒር ይሆናል። ሪአክቲቩ በፒታጎራስ ይገኛል፦ ከ10 ስኩዌር ላይ 6 ስኩዌር ሲቀነስ የ64 ሥር፣ ማለትም 8 ኪሎቫር። አዲሱ ፓወር ፋክተር 0.8 ስለሆነ ጠቅላላው 6 ለ0.8፣ ማለትም 7.5፤ ሪአክቲቩም 4.5 ኪሎቫር ይሆናል። ስለዚህ ካፓሲተሩ የሚሸፍነው ልዩነቱን፣ 3.5 ኪሎቫርን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ይህ ብቻ ነው፦

```
C = Q / (2πf V²)
  = 3500 / (314.16 × 220²)
  ≈ 230 µF
```

መልሱ ሐ ነው። ነገር ግን የተሳሳቱት ሦስቱ ምርጫዎች በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም። 526 የሚመጣው ተማሪው ሙሉውን 8 ኪሎቫር በካፓሲተር ሲሸፍን ነው፤ ያኔ ፓወር ፋክተሩ 0.8 ሳይሆን 1 ይሆናል። ጥያቄውን በወጉ አላነበበም ማለት ነው። 164 የሚመጣው ከ10 ላይ 7.5 ቀንሶ 2.5 ሲያገኝ ነው። ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ ምክንያቱም አቅጣጫቸው የማይገጥም መጠኖችን እንደ ተራ ቁጥር መቀናነስ የፓወር ትሪያንግል ጨርሶ እንዳልገባ ያሳያል። 115 ደግሞ 220ን አርኤምኤስ መሆኑን ረስቶ በሁለት ሥር ያበዛ፣ ፒክ ቮልቴጅ ያስገባ ተማሪ የሚያገኘው ነው። ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ሌላም ስህተት አለ፤ 2πን ረስቶ በ50 ብቻ ያካፈለ ሰው 1446 ያገኝና ምርጫው ውስጥ ሲያጣው ይደናገጣል። እሱ እንኳ ዕድለኛ ነው፣ መሳሳቱን አውቋል። 526 ያገኘው ግን መልሱን ምርጫው ውስጥ ሲያየው ተደስቶ ያልፋል።

ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ አንድን ጥያቄ ስትስት «መልሱ ሐ ነበር» ብላ ማለፍ የለባትም። የመረጠችው መልስ ከየት እንደመጣ እስክታገኝ ድረስ ወደ ኋላ ትሠራዋለች። ለዚህም አንድ ደብተር ትይዛለች። ለእያንዳንዱ ስህተት የምትጽፈው አራት አጭር መስመር ነው፦ ጥያቄው፣ የሰጠችው መልስ፣ ወደዚያ መልስ የወሰዳት ነገር፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምታጣራበት መንገድ። ለላይኛው ጥያቄ አራተኛው መስመር «ከረንቱን አይ» ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ መስመሩ 45 አምፒር ገደማ ይጭን ነበር፤ በኋላ ወደ 34 ይወርዳል። የጨረሰችው ስሌት ይህን ካልሰጠ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል።

ይህ ደብተር ከየትኛውም ሃንድአውት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ስትገልጠው ስህተቶቿ ተመሳሳይ መሆናቸውን ታያለች። አንዷ ሁልጊዜ ሚሊን ከማይክሮ ታምታታለች፤ ሌላዋ ቴቬኒን ስትሠራ ዲፔንደንት ሶርሱንም አብራ ታጠፋዋለች። እንዲህ ያለው ሶርስ ዋጋው በሰርኪዩቱ ውስጥ ባለ ሌላ ቮልቴጅ ወይም ከረንት ስለሚወሰን ሊጠፋ አይችልም፤ ሬዚስታንሱን ለማግኘት ከውጭ የሙከራ ቮልቴጅ አስገብቶ የሚገባውን ከረንት ማስላት ያስፈልጋል። ይህን አንዴ በደብተሯ ላይ በራሷ ቃል የጻፈች ተማሪ ደግማ ብዙም አትስተውም።

ቅዳሜ የደብተሩ ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት አዲስ ነገር አይነካም። ያለፈው ሳምንትና የዛሬ ሦስት ሳምንት የሳተቻቸውን ጥያቄዎች መልሱን ሸፍና በባዶ ወረቀት እንደገና ትሠራለች። በትክክል የሠራችው ምልክት ይደረግበትና ለሌላ ሦስት ሳምንት ይተኛል፤ የሳተችው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል። 27ቱ የተረሱ ጥያቄዎች የሚመለሱት በዚህ መንገድ ነው። ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ባዶ ወረቀት ላይ መሥራት ግን እውነቱን ያሳያል።

አራተኛው ሳምንት የሲግናልና ሲስተም፣ አብሮትም የላፕላስና የፎሪየር ነው። ረጅም ኢንቴግራል መሥራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥቂት የላፕላስ ጥንዶችን በቃል መያዝ፣ የኮንቮሉሽንን ሐሳብ መረዳትና ፖሎች የት ሲሆኑ ሲስተሙ እንደሚረጋጋ ማወቅ ነው። ሳምንቱ የተቀመጠው ሆን ተብሎ እዚህ ነው፤ አምስት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣው ኮንትሮል በሙሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

አምስተኛው ሳምንት ኤሌክትሮኒክስ ነው፦ ዳዮድ፣ ትራንዚስተር፣ ኦፕ-አምፕ። ኦፕ-አምፕ በአጭር ጊዜ ብዙ ነጥብ ይሰጣል፤ ወጥመዱ ግን አንድ ነው። ግብዓቱ በ10 ኪሎኦም፣ ፊድባኩ በ100 ኪሎኦም የተገናኘ ኢንቨርቲንግ ማጉያ ጌይኑ አሥር ኔጌቲቭ ነው። ግብዓቱ 2 ቮልት ሲሆን ተማሪው 20 ኔጌቲቭ ብሎ ይመርጣል። ጥያቄው ግን በአንድ ጥግ ላይ «ሰፕላዩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 12 ቮልት ነው» ይላል። ኦፕ-አምፑ ከሰፕላዩ አልፎ መሄድ ስለማይችል ውጤቱ 12 ኔጌቲቭ አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በኦፕ-አምፕ ጥያቄ መጀመሪያ የሚታየው ሰፕላዩ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ዲጂታል ሎጂክ ነው። ከሌላው ኮርስ ጋር ብዙ ስለማይያያዝ የትም ቢቀመጥ ይቀመጣል፤ እዚህ ያስገባሁት ከአምስት ከባድ ሳምንታት በኋላ ለአእምሮ ፋታ ስለሚሰጥ ነው። የቁጥር ሲስተም ቅየራ፣ ካርኖ ማፕ፣ መልቲፕሌክሰርና ፍሊፕ-ፍሎፕ በሦስት በአራት ቀን ይታደሳሉ። ቅዳሜ ላይ ሁለተኛው ሙሉ ሞዴል ይሠራል፣ እንደ መጀመሪያው ምልክት እየተደረገበት፣ በሦስት ክምር እየተለየ። መታየት ያለበት ጠቅላላ ውጤቱ ብቻ አይደለም። 16 የነበረው የመዘናጋት ክምር ካልቀነሰ ደብተሩ በወጉ እየተያዘ አይደለም ማለት ነው። የተረሳው ክምር ካልቀነሰ ቅዳሜዎቹ እየተዘለሉ ነው። በዚህ መሠረት የቀሩት ስድስት ሳምንታት ይስተካከላሉ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ሳምንት የማሽን ናቸው። ከሰባተኛው ሳምንት የመጀመሪያ ሁለት ቀን ለኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድ መሠረታዊ ሕጎች ይሰጣል፤ በተለይ ለፋራዴይና ለአምፒር፣ ምክንያቱም ማሽን የነዚህ ሕጎች ሥራ ነው። የዌቭና የማስተላለፊያ መስመር ክፍሉ ለኮሚዩኒኬሽን ሳምንት ይቆይ።

ማሽን ላይ ቀመር ከመሸምደድ ይልቅ ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት ይበልጣል። ለምሳሌ የኢንዳክሽን ሞተር ስም ሰሌዳ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1440 ዙር ይላል፤ ጥያቄው የሮተሩን ፍሪኩዌንሲ ይጠይቃል። የፖሎቹ ቁጥር አልተሰጠም። ብዙ ተማሪ «ጥያቄው ጎዶሎ ነው» ብሎ ያልፋል። ጎዶሎ አይደለም። የኢንዳክሽን ሞተር ሁልጊዜ ከሚሽከረከረው መስክ በትንሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኩል ከሄደ በሮተሩ ውስጥ ከረንት አይፈጠርም፣ ኃይልም አይኖረውም። በ50 ኸርዝ መስኩ የሚዞርባቸው ፍጥነቶች 3000፣ 1500፣ 1000፣ 750 እያሉ የሚወርዱ ናቸው። ከ1440 በላይ ቅርቡ 1500 ነው፤ ይህ ባለ አራት ፖል ነው። የቀረው 60 ዙር ከ1500 አራት ከመቶ ነው። የሮተሩ ፍሪኩዌንሲ የ50 ኸርዝ አራት ከመቶ፣ ማለትም 2 ኸርዝ ይሆናል። 48 ብሎ የመረጠ ተማሪ የሞተሩን ፍጥነት ከስሊፑ ጋር አምታቷል። በየወርክሾፑና በየወፍጮ ቤቱ የሚታይ የሞተር ሰሌዳ ላይ ይህን ስሌት በቃል መሥራት መልመድ ከአሥር ገጽ ንባብ ይበልጣል።

ትራንስፎርመር ላይ ደግሞ የኦፕን ሰርኪዩትና የሾርት ሰርኪዩት ሙከራዎች አይቀሩም። የመጀመሪያው የብረቱን ብክነት፣ ሁለተኛው የመዳቡን ብክነት ይለካል። የብረቱ ብክነት ጭነት ኖረም አልኖረም አይለወጥም ለማለት ይቻላል፤ የመዳቡ በከረንት ስኩዌር ይጨምራል። ስለዚህ ጭነቱ ግማሽ ሲሆን የመዳቡ ብክነት ወደ ሩብ ይወርዳል። «ግማሽ» የሚለው ምርጫ ሁልጊዜ እዚያው ጎኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ዘጠነኛው ሳምንት ኮንትሮል ነው። አራተኛው ሳምንት በደንብ ከተሠራ ይህ ይቀላል። የሚጠየቁት ሲስተሙ የተረጋጋ መሆን አለመሆኑ፣ ወደ መጨረሻ ዋጋው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርስ፣ ምን ያህል እንደሚያልፈውና በመጨረሻ የሚቀረው ስህተት ናቸው። የሩት-ሁርዊትዝ ሠንጠረዥ ጥሩ መለማመጃ ነው። የሲስተሙ ባሕርያዊ እኩልታ s³ + 2s² + 3s + K = 0 ከሆነ የሚረጋጋው K ከ0 በላይ፣ ከ6 በታች ሲሆን ነው። የሦስተኛ ዲግሪ እኩልታ ላይ ደግሞ አቋራጭ አለ፦ ሁሉም ቁጥሮች ፖዘቲቭ ሆነው የመሐለኞቹ ሁለት ብዜት ከዳርና ዳሮቹ ብዜት መብለጥ አለበት። እዚህ 2 ሲባዛ በ3 ስድስት ነው፤ 1 ሲባዛ በK ደግሞ ራሱ K ነው። ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው ሠንጠረዥ በአሥር ሰከንድ አለቀ። ግን አቋራጩ ለአራተኛ ዲግሪ አይሠራም፤ ሠንጠረዡን ሳያውቁ አቋራጩን ብቻ የያዙ ተማሪዎች እዚያ ላይ ይወድቃሉ።

አሥረኛው ሳምንት የፓወር ሲስተም ነው፤ ለእኛ ተማሪ ይህ ዘርፏ ስለሆነ ጠንካራ ቦታዋ ነው። ብዙ ተማሪ በሚያውቀው ኮርስ ላይ ተመቻችቶ አራት አምስት ቀን ያጠፋል። እሷ ግን ሁለት ቀን ለፐር ዩኒት ስሌትና ለፎልት፣ የቀረውን ለደካማዋ ለኮሚዩኒኬሽን ብትሰጥ ይሻላል። የኮሚዩኒኬሽን ተማሪ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አሥራ አንደኛው ሳምንት ኮሚዩኒኬሽንን ጨርሶ ፕሮግራሚንግን ይነካል። ፕሮግራሚንግ ላይ አዲስ ነገር መማር አያስፈልግም፤ አጭር ኮድ አይቶ ምን እንደሚያትም መናገር መቻል ይበቃል። ሉፑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በጣት መቁጠር ያሳፍራል ብሎ በዓይን ብቻ የሚያልፍ ሰው አንድ ዙር ይጎድልበታል። እየቆጠሩ፣ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ በወረቀት ላይ እየጻፉ መሄድ ነው።

ስለ ጥያቄዎች ምንጭ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የሞዴል ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ጠቃሚዎችም አሉበት። ነገር ግን የመልስ ቁልፎቻቸው ውስጥ ስህተት አይጠፋም፤ አንዱ የሞላውን ሌላው ሳያጣራ ያስተላልፈዋል። ስሌቷ ከቁልፉ ጋር ሳይገጥም የቀረ ተማሪ መጀመሪያ የራሷን ስሌት በሌላ መንገድ ትድገመው፤ ለምሳሌ በሜሽ የሠራችውን በኖድ። ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ከሰጡ ቁልፉ ነው የተሳሳተው። አንድ ቁልፍ የያዘን ጥያቄ በቃል መሸምደድ ግን ጉዳት ነው፤ ፈተናው ላይ ያው ጥያቄ ቁጥሩ ተለውጦ ሲመጣ የተሸመደደው ፊደል ይመረጣል።

ፈተናው ኮምፒውተር ላይ መሆኑም ልምምድ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ጥያቄው ጎን ሥዕሉን እየጫሩ መሥራት የለመደ እጅ እስክሪን ላይ ያለውን ሰርኪዩት ወደ ወረቀት ሲገለብጥ አንድ ሬዚስተር ይዘላል ወይም የቮልቴጁን አቅጣጫ ያዞራል። ስለዚህ ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ጥያቄዎቹን ከላፕቶፕ ወይም ከትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ እያዩ በነጭ ወረቀት መሥራት ይገባል። ካልኩሌተርን በተመለከተ የዓመቱን የፈተና መመሪያ አስቀድሞ ማየትና የተፈቀደውን ብቻ ይዞ መለማመድ ነው። ያም ሆኖ የ0.6ና የ0.8 ትሪያንግልን፣ የሁለትና የሦስት ሥሮችን፣ የአሥር ፓወሮችን በቃል መሥራት ጊዜ ይቆጥባል።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አዲስ ነገር አይገባበትም። ሰኞና ረቡዕ ሁለት ሙሉ ሞዴሎች ይሠራሉ፤ በሚቻልበት ጊዜ እውነተኛው ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት። ማክሰኞና ሐሙስ የተሳቱት ብቻ ይታያሉ። ዓርብ የስህተት ደብተሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተደጋገሙት ስህተቶች ወደ አንድ ገጽ ይገለበጣሉ። ቅዳሜ ያ ገጽ ብቻ ነው የሚታየው።

የፈተናው ቀን ጊዜውን መከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። 100 ጥያቄ በ180 ደቂቃ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ፓወር ፋክተሩን የመሰለ ጥያቄ ደግሞ አራት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዙር በተራ መሄድ አያዋጣም። በመጀመሪያው ዙር አይታ ወዲያው የምታውቃቸውንና በአንድ ደቂቃ የሚያልቁትን ብቻ ትሠራለች፤ ይህ 70 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። በሁለተኛው ዙር መንገዳቸውን የምታውቃቸውን ረጃጅም ስሌቶች ትሠራለች፤ ለዚህ 80 ደቂቃ። የቀሩት 30 ደቂቃዎች ለማታውቃቸውና ለማጣራት ናቸው። የማታውቀውን ጥያቄ ከመገመቷ በፊት ዩኒቱ የማይገጥመውን፣ ወይም ሬዚስተሩ ዜሮ ቢሆን የማይረባ ነገር የሚሰጠውን ምርጫ ታስወጣለች፤ ከአራት ሁለት ሲቀር ግምቱም ይሻሻላል። ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሰጠችውን መልስ የምትቀይረው ስህተቷን በዓይኗ ካየች ብቻ ነው፦ የተረሳ 2π፣ ያልታየ ሰፕላይ፣ ከሚሊ ወደ ማይክሮ የተዘለለ ዜሮ። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይገባል።